ዕጣው የወጣበት መዝገብ

ንፋስ መውጫ፣ ቢሮዬ ተቀምጬ የአንድ ወጣት ባለሙያ ጥናት እገመግም ነበር። መደምደሚያው «በአዲሱ የገብስ ዘር ምክንያት የስማዳ ገበሬ ከቀለቡ አልፎ የሚሸጠው ተርፎታል» ይላል። የጥናት ዘዴው ላይ ግን «ገበሬዎቹ በዕጣ ተመረጡ» ከምትል አንዲት መስመር በቀር ምንም የለም። ሌላ ሰው ጥናቱን ልድገመው ቢል ከየት ይጀምራል? ደሜ ፈላና አስጠራሁት።

«ዕጣው ከየትኛው መዝገብ ወጣ?»

«መዝገብ እንኳ የለም፣ ጋሼ። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ በገበያ ቀን ወገዳ ከተማ፣ እህል ተራ ያገኘኋቸውን ጠየቅሁ።»

«ምን ሲያደርጉ?»

«ገብስ ሲሸጡ።»

«ገብስ ያልተረፈውን ገበሬስ?»

በጥያቄዬ ተገርሞ አየኝ። «እሱማ እህል ተራ ምን ይሠራል?»

«በል፣ ይህችኑ ዘዴው ላይ ጻፋት» ብዬ ወረቀቱን መለስኩለት።