የሁለት ዓመት ቃል፣ የስድስት ወር ወረቀት

ሰብሪያን ፊት ለፊት “ደላላ” ብሎ ለመጥራት የሚያፍር ሰው ብዙ ነው። ሊያከብሯት የፈለጉ “አገናኝ” ይሏታል። እሷን ግን ይኼ ማቆላመጥ ደሟን ያፈላዋል። “አገናኝ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ደላላ ነኝ! እግሬን አድክሜ ቤት አገኛለሁ፣ ምላሴን አድክሜ አስማማለሁ፣ ሀቄን ተቀብዬ እሄዳለሁ። ምኑ ነው የሚያሳፍረው?” ትላለች፤ ድምፅዋም ፒያሳን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል።

ሥራውን የጀመረችው በንዴት ነው። ከባሏ ከተፋታች በኋላ ፒያሳ ጥግ ላይ ሽንኩርት ትቸረችር ነበር። ሽንኩርት የሚገዛ ሁሉ “የሚከራይ ክፍል ታውቂያለሽ?” ይላታል፤ እሷም የምታውቀውን በነፃ ታሳያለች። አንድ ቀን እሷ ላሳየችው ክፍል አንድ ጎረምሳ ደላላ ኮሚሽን ተቀብሎ፣ በዚያው ብር ከእሷው ሽንኩርት ሊገዛ መጣ። አልሸጠችለትም። በሳምንቱ ሚዛኑን ለእህቷ አስረክባ የሚከራዩ ቤቶችን ቁልፍ መያዝ ጀመረች። እዚያው ፒያሳ አንድ ካፌ ደረጃ ላይ የሚውሉት ደላሎች “ሴት ልጅ የሰው ቤት ቁልፍ ይዛ ስትዞር አያምርም” ብለው ሳቁባት። “ቁልፍ በሩን ከከፈተ በቃ፣ የማንም እጅ ይያዘው” አለቻቸው። ከዚያ በኋላ የሳቀ ካለ በልቡ ነው።

እሷ በምትሠራበት ሰፈር የሱቅ ኪራይ ልማዱ ግልጽ ነው። ተከራይም አከራይም ለደላላው በየበኩላቸው ይከፍላሉ፤ ከኪራዩ አስር በመቶ። ስሌቱ በውሉ ዘመን ነው። ስድስት ወር ከተዋዋሉ ከስድስት ወሩ ኪራይ፣ ሁለት ዓመት ከተዋዋሉ ከሁለት ዓመቱ። ውሉ ሲታደስ ግን ደላላ ምንም የለውም፤ አንዴ ያገናኘ አንዴ ነው የሚቀበለው። በእርግጥ ሱቅ ሲጠፋ አከራዩ የራሱን ድርሻ በተከራይ ጫንቃ ላይ ይጥላል፣ ተከራይም አማራጭ ሲያጣ ይሸከማል። ከደላሎቹም አንዳንዱ አጭር ውል ይወዳል። ስድስት ወሩ ሲያልቅ አከራዩን “የተሻለ የሚከፍል አለ” ብሎ ይወሰውሰዋል፤ የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ ተብሎ አዲስ ሰው ይገባል፣ አዲስ ኮሚሽን ይቆረጣል። ሰብሪያ ይህን ሥራ ትጠየፈዋለች። እሷ ያስገባችው ሰው ሱቁ ውስጥ ሲያረጅ ማየት ነው ደስታዋ።

ኡመይማን ያስገባችውም እንዲያረጅ ብላ ነበር። ኡመይማ የልጆች ልብስ ሰፊ ናት፤ ለዒድ ሰሞን እጇን የማይመኝ እናት የለም። ሱቁ የባሽር ነው። ባሽር የሚኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ረድፍ ሱቆች አሉት። ከእነዚያ ሱቆች አብዛኛዎቹን ያከራየችለት ሰብሪያ ናት፤ የእንጀራዋም ግማሽ ከዚያ ረድፍ ነው የሚወጣው። ሱቁን ባሳየቻት ቀን ሦስቱ ባዶው ሱቅ ውስጥ ቆመው ተነጋገሩ። “ሁለት ዓመት፣ ኪራዩ ሳይጨምር” አለ ባሽር። “ሁለት ዓመት” አለች ኡመይማ። ሰብሪያ ሰማች፣ ዱዓ ተደረገ፣ ተለያዩ።

በማግስቱ ውሉን ሊፈራረሙ ሲሉ ተጠርታ ስትደርስ ፊርማው አልቆ ነበር። ወረቀቱን አነበበችው። ስድስት ወር ይላል።

“ለጊዜው ነው፣ እስክንለማመድ” አለ ባሽር እየሳቀ። ኡመይማ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ሰብሪያ ማንም ሳይነግራት ገባት። በወረቀት ስድስት ወር፣ በአፍ ሁለት ዓመት። ለእሷ የስድስት ወሩን ወርውረው፣ ጊዜው ሲደርስ እሷ ሳትጠራ ሁለቱ ያድሱታል። ሁለቱም የኮሚሽኗን ከአራት እጅ ሦስቱን በሉ ማለት ነው። የሰጧትን ተቀበለችና ወደ ኡመይማ ዞረች። “በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተሽ ገደሉን ሳታዪ። የእኔን ኮሚሽን ያሳጠርሽ መስሎሽ የራስሽን ዕድሜ አሳጠርሽ” ብላት ወጣች። እቤቷ እስክትደርስ ብቻዋን ስትሳደብ ነበር።

ኡመይማ መደርደሪያ አሠራች፣ መብራት አስገባች፣ ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዛች። ደንበኛ እየደራ ሄደ። ስድስት ወሩ ሊሞላ ሲል ከሊድ የሚባለው ደላላ አንድ የሞባይል ነጋዴ ይዞ ባሽር ዘንድ ገባ፤ ነጋዴው በኪራዩ ላይ ግማሽ ያህል ሊጨምር ዝግጁ ነው። ባሽርም ለኡመይማ ደወለና “ውልሽ አልቋል፣ አስረክቢኝ” አላት።

ሰብሪያ ፒያሳ ላይ ከባጃጅ ስትወርድ ነው ኡመይማ የደረሰችባት። ሻሿ እንኳ በወጉ አልታሰረም።

“እትዬ ሰብሪያ፣ አፉ በይኝ፣ በድዬሻለሁ። ባሽርን ሸህ ኑርሁሴን ዘንድ በሽምግልና ይዤዋለሁ። ሁለት ዓመት ማለቱን ከአንቺ በቀር የሰማ የለም።”

“ፍርድ ቤትስ?”

“ፍርድ ቤት ወረቀቱን ያያል። ወረቀቱን ደግሞ እኔው ፈርሜዋለሁ።”

“ሳይቸግር ጤፍ ብድር!” አለች ሰብሪያ። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ የልጅቷን ፊት ስታይ ቁጣው አልወጣ አለ። “በይ አብሽሪ። እመጣለሁ። እንዳይመስልሽ ግን፣ አልረሳሁልሽም።”

ወሬው ከእሷ ቀድሞ የካፌው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ከሊድ ጠራት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “እትዬ ሰብሪያ፣ ነጋዴው ከገባ ኮሚሽኑ ከሁለቱም ወገን ነው፤ ግማሹ ያንቺ። ዝም ማለት ብቻ። ከመሰከርሽ ግን ባሽር ቁልፎቹን ሁሉ ይቀማሻል። በአከራይ ላይ ለምትመሰክር ደላላ ደግሞ ማን ቤቱን ያምናታል?”

እውነቱን ነው። ሰብሪያም እውነቱን መሆኑን ታውቃለች። ያ ረድፍ ከሄደ የምትኖርበትን ክፍል ኪራይ ከየት ታመጣለች? ቢሆንም ለከሊድ ፍርሃቷን ልታሳየው አልፈለገችም።

“ለግማሽ ኮሚሽንህ የሚሆን ግማሽ ምላስ የለኝም። ሙሉው ነው ያለኝ” አለችውና አልፋው ሄደች።

ሽምግልናው የተቀመጠው ከዐስር ሰላት በኋላ በሸህ ኑርሁሴን ጨርቅ መሸጫ ነው። ሸሁ ከጣቃዎቹ መካከል ተቀምጠው መስበሐቸውን ይቆጥራሉ፤ ጥቂት የሰፈር ሰዎችም ሊያዳምጡ ተቀምጠዋል። ባሽር ወረቀቱን ዘረጋ። “እኔ ብዙ ወሬ አላውቅም፤ ወረቀቱ ይናገር” አለ። ኡመይማ የተባባሉትን ተናገረች። ሰብሪያም ተነስታ፣ “ወላሂ፣ ሁለት ዓመት፣ ኪራይ ሳይጨምር ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስድስት ወር ብለው የጻፉት ኮሚሽኔን ሊቆርጡ ነው” አለች።

ባሽር ይህን ሲጠብቅ ነበር። “ሸህ፣ ይስሙ እንግዲህ። ውሉ ሁለት ዓመት ነው ከተባለ ቀሪው ኮሚሽን የሚገባው ለእሷ ነው። ይቺ ምስክር ናት ወይስ ባለጉዳይ?”

ሸሁ መስበሐቸውን አቆሙ። “ሰብሪያ፣ የተናገረው ቀላል አይደለም። ቀሪውን ኮሚሽን ለአላህ ብለሽ ብትተዪው ቃልሽ ክብደት ያገኛል።”

ሁሉም እሺ እንድትል ጠበቀ። ኡመይማ በዐይኗ ለመነቻት። እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ ምርቃት ይከተለዋል፣ ደግ ሴት ትባላለች።

“አልተውም!” አለች ሰብሪያ። “ሸህ፣ አፉ ይበሉኝ፣ እርስዎን ማክበሬን አላህ ያውቃል። ይኼ ሰው ቤቱን ሲያከራይ ጥቅሙን ተው ያለው አለ? ወንድ ደላላ እዚህ ቢቆም ሀቅህን ጣልና እንመንህ ይባል ነበር? ቤቱን ያገኘሁት እኔ፣ ያስማማሁት እኔ። እውነት እንድናገር ድኻ መሆን አለብኝ? እውነቱም የእኔ ነው፣ ኮሚሽኑም የእኔ ነው። አንዱን በአንዱ አልለውጥም።”

ባሽር ሸሁን “አዩ” ሊል አፉን ሲከፍት ኡመይማ ብድግ አለች። ከቦርሳዋ ብር አወጣችና ሸሁ ፊት ጨርቁ ላይ አኖረችው። “ይኼ የእኔ ድርሻ ቀሪ ኮሚሽን ነው። ለሌላ ሱቅ ቀብድ ብዬ የያዝኩት ነበር። ተስማምተን የነበረው ሁለት ዓመት ነው፤ ስድስት ወር ብለን የጻፍነው እሷን ለመብላት ነው። ጋሽ ባሽር አሳቡን አመጣው፣ እኔ ወደድኩት።”

ሸሁ ብሩን አዩ፣ ባሽርን አዩ። “ውሸት ቢሆን ከኪሷ አትከፍልበትም ነበር። እንግዲህ ባሽር፣ አንድ ነገር ይቀራል። ሁለት ዓመት አላልኩም ብለህ ማል።”

ባሽር ስልኩን አገላበጠ። የሰው ቤት ቢሸጥም፣ የሚዛን ድንጋይ ቢያቀልም፣ ሸህ ኑርሁሴን ፊት በሐሰት የሚምል የኮምቦልቻ ነጋዴ አይገኝም። “መሐላስ ይቅር” አለ በመጨረሻ። “ትቀመጥ። ወረቀቱ ሁለት ዓመት ተብሎ ይጻፍ።”

ተጻፈ። ኡመይማ አለቀሰች። ሰብሪያ የኡመይማን ብር አንስታ ወደ ባሽር ዞረች።

“ያንተስ?”

ባሽር ፈገግ አለ፤ ነፍሱ መለስ ብላለታለች። “የኔ? ውሉ ታደሰ እኮ። ለዕድሳት ደላላ አይከፈለውም፤ ልማዱን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ።”

ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሸሁም ነገሩ ሳይከብዳቸው አልቀረም፤ ልማዱ እንደዚያ ነውና። ሰብሪያ ግን ንቅንቅ አላለችም።

“ልክ ነህ፣ ለዕድሳት አይከፈልም። ዕድሳት የሚሆነው ግን የመጀመሪያው ስምምነታችሁ ስድስት ወር ከነበረ ነው። በል፣ ስድስት ወር ነበር ብለህ ማልና አልጠይቅህም።”

የሳቁት ሰዎች አሁን በባሽር ሳቁ። ሸህ ኑርሁሴን ጢማቸውን ዳበስ አድርገው “ክፈል” አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ባሽር ቆጥሮ ሰጣት። ሲሰጣት ፊቱ ጠቁሯል። “ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ቤት አንድ ቁልፍ አትይዢም፤ ያሉሽንም አምጪ።”

ሰብሪያ ቁልፎቹን ከመቀነቷ ፈትታ፣ አንድም ሳታስቀር፣ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

“ያዛቸው” አለችው። “ተከራዮችህ ግን ዛሬ ማታ የሆነውን ይሰማሉ፤ ወረቀታቸውን አውጥተው ስንት ወር እንደሚል ያያሉ። ከዚያ ቤት የሚፈልግ ሰው ማንን እንደሚጠራ እናያለን።”