በሰርግ ቀን ሥራ ሳልጠይቅ፤ ከፉሪ እስከ ላፍቶ

እሁድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ፉሪ

ከአክስቴ ከእታገኝ ጋር ታክሲ እንጠብቃለን። ላፍቶ የአጎቴ ልጅ ታገባለች፤ በማለዳ የምንሄደው ሽንኩርት ልንከትፍ ነው። እኔ ግን ሌላም ሐሳብ አለኝ። ጥልፍ የምሠራለት ሱቅ ከተዘጋ ሁለት ወር ሆኖታል። ላፍቶ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ብርቄ ደግሞ ሰርጉ ላይ ይገኛሉ። መናገር ስለማፍር ስልክ ቁጥሬን በብዙ ቁርጥራጭ ወረቀት ጽፌ ይዣለሁ።

አክስቴ አየችው። «ምንድን ነው ይሄ? ለምርጫ ልትወዳደሪ ነው?»

«ለእንግዶቹ ላድል ብዬ ነው።»

«ሰው ሊደሰት በመጣበት? ብዪ፣ አስተናግጂ፣ ተጫወቺ። መጀመሪያ ይወቁሽ።» ወረቀቱን ቀምታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

12፡30፤ ሀና ማርያም

ነጠላ ያጣፉ ምእመናን፣ የብሎኬት ክምር፣ ያላለቁ ፎቆች። ሾፌሩ የተሸከምነውን ድስት አይቶ «የሴት ወገን ናችሁ የወንድ?» አለ።

«የሴት» አለች አክስቴ።

«እንግዲያው ማልቀሱ የእናንተ ነው።»

7 ሰዓት፤ ላፍቶ፣ ድንኳኑ ውስጥ

ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ጥብስ። እንግዳ ሳስተናግድ ቆየሁ፤ ከዚያ አክስቴ እጄን ይዛ ወይዘሮ ብርቄ ጎን አስቀመጠችኝ። «የወንድሜ ልጅ ሰላም ናት። የለበሰችውን ራሷ ናት የጠለፈችው» ብላ ሄደች።

ስለ ሥራ ልጀምር አልኩና ዋጥኩት። «ልጆች ደህና ናቸው?» አልኳቸው። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ደርሷል፤ ቃሉን የሚያከብር ድንኳን አከራይ ግን አጥተዋል። ይህን ድንኳን የተከለው የፉሪ ጎረቤታችን ጋሽ ሙፍቲ ነው፤ ጥግ ላይ ሻይ ይጠጣል። ሰው ፊት መቆም የሚያስፈራኝ እኔ ተነሥቼ ሄጄ አመጣሁት። ተሳሳቁ፣ ተግባቡ። ወይዘሮ ብርቄ ትልቅ ጉርሻ አጎረሱኝ፤ ከዚያም የቀሚሴን ጠርዝ ዳሰሱ።

«ይሄ ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

ዘፈኑ ግን ተጀምሯል፤ ሙሽሪት ተነሥታለች።

«ነገ ሱቅዎ መጥቼ ናሙና ላሳይዎት? ዛሬ ሙሽሪትን እናጫውታት።»

«ጎሽ። ሰርግ ላይ ዋጋ የሚያወራ ሰው ምግቤን ያስጠላኛል» ብለው ስልካቸውን ነገሩኝ። እስክስታውን አብረን ወረድን፤ እኔ ከእሳቸው ቀድሜ ደከምኩ።

ሰኞ፣ 3 ሰዓት፤ ላፍቶ፣ ሱቁ

ሦስት ናሙና ዘረጋሁ። ወይዘሮ ብርቄ ፊቱን ትተው ገለበጡት፤ የክሩን ቋጠሮ ፈለጉ፤ አላገኙም።

«ጀርባውም ፊት ነው» አሉ። እንድጠልፍ ስድስት ቀሚስ ሰጡኝ፤ እነሱን ስመልስ ሌላ ስድስት እንደምወስድም ተስማማን።

5 ሰዓት፤ ወደ ፉሪ

ነጩ ጨርቅ ጭኔ ላይ ተቆልሏል፤ አገጬን ይነካል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «የእኔ እህት፣ ልታገቢ ነው?» አለችኝ።

«የለም፣ ሥራዬ ነው» አልኳት፤ የኋላው ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ።