የባኞ ቤታችን መስኮት እና የላይኛዋ ጎረቤታችን

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት የቤት ፕላን እስል ነበር። ጠዋት ከደሴ ተነሥቼ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ መልሼ እወጣለሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ማስመሪያ ከእጄ ስለማይጠፋ የማላውቀው ነገር የለም ብዬ አስብ ነበር።

አባቴ ደሴ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤታችን ጀርባ ባኞ ቤት ሊያስቀጥል ሲነሣ፣ “ፕላኑን አንቺ ትሠሪዋለሽ፤ ለሌላ ሰው ስትሥይ እየዋልሽ ለእናትሽ መታጠቢያ ቤት ማን ሊሥልላት ነው?” አለኝ። ደስ አለኝ። ኮምቦልቻ እንደለመድኩት መስኮቱን ከፍ አድርጌ ከጣሪያው ሥር ነደፍኩት። ከፍ ያለ መስኮት ብርሃን ያስገባል፣ እንፋሎት ያስወጣል፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ግን አያይበትም። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይህ ትክክል ነው። ደሴ ግን ዳገት ናት። ከቤታችን በላይ ያሉት አሮጊት ጎረቤታችን በረንዳቸው ከእኛ ጣሪያ ጋር እኩል መሆኑን ዕድሜዬን ሁሉ እያየሁ፣ ፕላኑን ስሥል ትዝ አላለኝም።

መስታወቱ ንጹሕ ነበር፤ መስኮቱም እንደ በር ወደ ጎን ይከፈታል። እናቴ ዓርብ ጠዋት ለጁምዓ ልትታጠብ ገብታ ገና አንድ ጣሳ ውኃ እንዳፈሰሰች፣ ከላይ “አሰላሙ አለይኩም!” የሚል ድምፅ መጣ። የጎረቤታችን ሰላምታ ወደ ግቢው ለሚገባው ለአባቴ ነበር። እናቴ ግን ለእሷ መሰላት። እርጥብ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ወጣችና፣ “ወላሂ፣ ከእንግዲህ እዚያ ቤት አልገባም!” አለች።

አባቴ መስኮቱን በካርቶን መታው። ምሥጢሩ ተጠበቀ፤ ቤቱ ግን ጨለመ። ቀን በቀትር ሻማ ይዘን እንገባ ጀመር። እንፋሎቱ የሚወጣበት ስላልነበረው ግድግዳው ያለቅስ ነበር፤ ወር ሳይሞላ ከጥጉ ጥቁር ሻጋታ ተነሣ፣ ልስኑ ማበጥ ጀመረ። እናቴ ሻጋታውን በበረኪና እየፈተገች፣ “እዚህ ቤት ንጹሕ ለመሆን ገብተሽ ሻጋታ ሸተሽ ትወጫለሽ” ትለኝ ነበር። እኔን እንጂ አባቴን አትልም።

ኮምቦልቻ ውስጥ መስኮት የሚገጥሙ አንድ ሰው ነበሩ፤ ጴንጤ ናቸው፣ ሲሠሩ መዝሙር በአፍንጫቸው ያዜማሉ፣ ሰው ሲመጣ ይተዉታል። ጉዳዬን ነገርኳቸው።

“ጋሼ፣ የማያሳይ መስታወት ይገኛል?”

“ከውጭ የሚገባው ከጠፋ ቆይቷል፣ የኔ እመቤት” አሉኝ። “ግን አሸዋ አለ፣ ጉልበት አለ። እንሠራዋለን።”

ከቦርከና ወንዝ ዳር የመጣ አሸዋ በሻሽ ነፉና ደቃቁን በመስታወቱ ላይ አፈሰሱት። ውኃ ጠብ አደረጉበት፤ ከዚያ በሌላ ትንሽ የመስታወት ቁራጭ እያሽከረከሩ ይፈጩት ጀመር። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ነበረው። ቁራጩን ተቀብዬ እኔም ፈተግሁ፤ ክንዴ እስኪዝል። ሲታጠብ መስታወቱ እንደ ጉም ነጥቷል። ጣቴን ከኋላው ሳስጠጋው ይታያል፣ ሳርቀው ይጠፋል፤ ብርሃኑ ግን ያልፋል።

ወስጄ ከአባቴ ጋር ገጠምነው። ሻካራው ፊት ያምራል ብዬ ወደ ውስጥ እንዲሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቤቱ በለስላሳ ነጭ ብርሃን ተሞላ። እናቴ “ማሻአላህ” ብላ ግድግዳውን ዳበሰች፤ ዓርብም ተደስታ ገባች።

ቅዳሜ ጎረቤታችን በአጥር በኩል ጠርተው እናቴን አናገሯት። በጣም አፍረው ነበር።

“እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ያ መስታወት ሲደርቅ ደግ ነው፤ ሲርስ ግን ይከዳል።”

እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። “ሲርስ እንዴት እንደሚሆን እርስዎ በምን አወቁ?” አለችና ዞራ ገባች። ሰኞ ዕለት ገበያ ተገናኝተው እንዳልተያዩ ተላለፉ። ሃያ ዓመት እሳት የተጫጫሩ ሴቶች ናቸው። እኔም በራሴ ንድፍ ምክንያት ጉርብትና ሲፈርስ እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ።

“እማዬ፣ ራስሽ በረንዳቸው ላይ ወጥተሽ እዪው” አልኳት በመጨረሻ። “እኔ ልብሴን ለብሼ ውስጥ እቆማለሁ።”

ለመነሣት ጊዜ ወሰደባት፤ ግን ሄደች። እኔ የፈላ ውኃ ባልዲ ይዤ ባኞ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። መጀመሪያ መስታወቱ ነጭ ነበር። ከዚያ እንፋሎቱ ወጣ፤ አንድ ጣሳ ውኃም ወደ ላይ ረጨሁበት። ውኃው የሻካራውን ፊት ጉድጓዶች ሞላቸው፣ መስታወቱም እንደ ድሮው ጠራ። ቀና ስል የእናቴን ፊት አየሁት፤ በረንዳው ላይ፣ አፏን ከፍታ።

“ያ አላህ! የልብስሽ ቁልፍ እንኳ ይቆጠራል!” ብላ ጮኸች። ልብሴ እየተንጠባጠበ ወደ እሷ ዳገቱን ወጣሁ።

እናቴ የጎረቤታችንን ወንበር እያየች ነበር። ወንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል፤ ሜዳውንም ተራራውንም ትቶ ወደ ጭቃ ግድግዳ።

“እትዬ፣ ይኼ ለምን ዞረ?” አልኳቸው።

“እናንተ ባኞውን ከሠራችሁ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ዞሬ እቀመጣለሁ” አሉ አሮጊቷ። “አንድ ቀን ብቻ ዘንግቼ ቀና አልኩ። ዝም ብል ሌላ ሰው ያያት ይሆን ብዬ ነው የነገርኳት።”

እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እሳቸው ትከሻዋን ይዘው አነሷት። ሁለቱም ሳቁ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ። ምሳ እዚያው በላን።

በሳምንቱ የመስታወት ሠሪው ሰውዬ ራሳቸው ደሴ ወጡ። የሆነውን ስነግራቸው ግንባራቸውን መቱ። “ሻካራውን ወደ ውጭ ነዋ! ውኃ የሚረጨው ከውስጥ፤ ለስላሳው ፊት ቢረጥብ ምንም አይሆንም። ከውጭ ደግሞ የጣሪያችሁ ክፈፍ ከዝናብ ይከልለዋል።” መስታወቱን ገለበጡት። ከዚያ ቀና ብለው በረንዳውን አዩና መስኮቱን ራሱን ነቀሉት። ማጠፊያዎቹን ከጎን አንሥተው ከላይ መቱ፤ አሁን ከታች ሲገፋ ወደ ውጭ እንደ ቆብ ጫፍ ይከፈታል። ከላይ የሚያይ ሰው የሚያገኘው የመስታወቱን ጀርባ ነው፤ እንፋሎቱ ግን በክፍተቱ ይወጣል።

“ሌላ አየር ካልተካው ደግሞ እንፋሎቱ አይወጣም” ብለው የበሩን ታች በመጋዝ ሁለት ጣት ያህል ቆረጡ። አንድ ባልዲ ውኃ አፍልተን ሞከርነው። ቀዝቃዛው አየር በእግሬ ሥር ሲገባ፣ ጭጋጉ በመስኮቱ በኩል ሲሳብ ይታይ ነበር። እናቴ በድጋሚ በረንዳ ላይ ወጣች፤ እኔ በድጋሚ ረጨሁ።

“አለሽ ወይ?” አለችኝ።

“አለሁ!”

“ድምፅሽ እንጂ አንቺ የለሽም! አልሐምዱሊላህ!”

ሻጋታው ደረቀ፤ ፍቀን ኖራ ቀባንበት። ከዚያ የመጣው ችግር አባቴ ነው። ብርሃኑ ጥላ ስለማይጥል ለጺም መላጫ ከዚያ የተሻለ ስፍራ አጣ፤ የፊት መስታወቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ይቆያል። እኔ የኮምቦልቻው መኪና እያመለጠኝ በሩን ስደበድብ፣ እናቴ ከኋላዬ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ “ተራ ያዢ፤ አንቺው ነሽ የሠራሽለት” ትለኝ ነበር።