የመጨረሻው ጆንያ

አሳምነው በዚያ ቅዳሜ የጓዳውን በር ያስከፈተው ተጸጽቶ ነው ወይስ ፈርቶ? ሚስቱ ውድነሽ እስከ እርጅናዋ ድረስ ጠይቃዋለች። እሱ ግን አንድም ቀን ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቷት አያውቅም።

ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፶ ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ አሰላ ገበያ ዳር ባለችው የአሳምነው ሱቅ ነው። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። ዓርብ ማታ ከናዝሬት የመጣ ሾፌር ኢተያ አጠገብ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪኖች መቆማቸውን ተናገረ። «ምናልባት ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት» ብሎ ነበር። አሳምነው ይህችን የሁለት ቀን ወሬ ይዞ አደረ። ሲነጋ ግን ወሬዋ በእሱ አፍ አድጋ የሁለት ወር ሆና ነበር።

ሥራውን ያውቅበታል። ጓዳው ውስጥ ከነበረው አሥር ጆንያ ጨው አንዱን ብቻ አውጥቶ ባንኮኒው አጠገብ አቆመውና የጓዳውን በር ቆለፈ። ጨው በጣሳ ስሙኒ ነበር። እሱ «አንድ ብር» ብሎ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ገዢ በድንጋጤ አፏን ያዘች። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ እያዘነ፣ ወደ ስልሳ ሳንቲም ወረደላት። ሴትዮዋ አርባ ሳንቲም ያተረፈች መስሏት መርቃው ሄደች። ስሙኒን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ጆሮ ውስጥ የቀረው አንድ ብር ነበር።

ይህም አልበቃውም። ሥራ ፈቱ በዛብህ አንድ ብርሌ ጠጅ ተከፍሎት ከጠዋት ጀምሮ ሱቁ ፊት ቆሟል።

«ኧረ እባክህ አሳምነው፣ ለእኔ አስቀርልኝ! የቤተሰብ አባት ነኝ!» ይላል በዛብህ፣ ሚስት እንኳ የሌለው ሰውዬ። ሁለት ጣሳ ገዝቶ በጉያው ይዞ ይሄዳል፣ በጓሮ ዞሮ ለውድነሽ ይመልስላትና እንደገና ተሰልፎ ይጮኻል።

«በዛብህ፣ ዛሬ ስንት ልጅ ወለድክ?» አለችው ውድነሽ በሦስተኛው ዙር።

«ስድስት። ምሳ ካበላሽኝ ደግሞ መንታ እጨምርበታለሁ።»

ውድነሽ አልሳቀችም። በጓሮ በኩል ገብታ ባሏን እጅጌውን ያዘችው። «ስማኝ አሳምነው። መንገዱ ተበላሽቷል ብትል እውነትህን ነው። ጨውህን አቅምሰህ ደረቅ ነው፣ አሸዋ የለበትም ብትልም እውነትህን ነው። ይሄ ግን ምንድን ነው?»

«ንግድ ነው።»

«እስቲ ይህን የምትለውን ሁሉ የጓዳውን በር ከፍተህ በልላቸው።»

እጁን መነጨቃት። ጆንያው ሲያልቅ ሌላ አወጣና «የመጨረሻው!» አለ። ያም ሲያልቅ ሦስተኛውን አወጣ፤ እሱም የመጨረሻው ነበር። ማንም አልጠየቀም። ሰው ዓይኑ ያለው ፊቱ በቆመው ሰው ላይ ነበርና። ከመንገዱ ማዶ ከዲሮ የተባለው ነጋዴ ጨውን በስሙኒ እየሸጠ ባዶ ደጁ ላይ ቁጭ ብሏል። የቀረበው ሰው ወዲህና ወዲያ አይቶ፣ ወረፋ የሌለበትን ጨው ተጠራጥሮ ተመልሶ ይሰለፋል። «ደህና ቢሆን እዚያ ይጋፉ ነበር?» ይባባላሉ።

ረፋዱ ላይ ነገሩ ከአሳምነው እጅ ወጣ። ከሁሩታ መንገድ የሚመጡት ገበያተኞች ገና ከሩቅ ሕዝቡን ሲያዩ መሮጥ ጀመሩ። ለምን እንደሚሮጡ ሳያውቁ ሮጡ። ባንኮኒው ተንቀጠቀጠ። አንዲት ሴት በግፊያው ነጠላዋ ተቀዶ አለቀሰች። አሳምነው ያን ጊዜ ጉደታን አየ።

ኦቦ ጉደታ በሁሩታ በኩል የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ሐምሌ በገባ ቁጥር የዘር ስንዴ ሊገዙ ይመጣሉ፣ ሲመለሱ አሳምነው ቤት አረፍ ይላሉ። አሁን የተቋጠረ ጨርቅ ፈትተው ብሩን በሙሉ ዘረጉለት።

«በዚህ ሁሉ ጨው ስጠኝ፣ ያ አሳምነው» አሉት፣ እንደ ኦሮምኛቸው «ያ» ብለው እየጠሩት።

«ኦቦ ጉደታ፣ ይሄ የዘር ገንዘብዎ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ማሳዬ ታርሶ ዘር እየጠበቀ ነው። ግን ይሄ ሁሉ ሰው ተሳስቶ ነው? ጨው ካጣሁ ከብቶቼስ?»

አሳምነው ወደ እህል ተራ ተመለከተ። የዘር ስንዴ የሚሸጡት ከቀትር በኋላ አህዮቻቸውን ጭነው ይሄዳሉ። ዘሩ በዚህ ሳምንት አፈር ካልገባ ለእኒህ ሽማግሌ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። «አይግዙ» አላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጨው መኪናው ሰኞ ይመጣል።»

ጉደታ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን ነው የምትከለክለው? ለማን ልታስቀር ነው?»

ከኋላ የነበረው ሰው ሰማ። «እየደበቀ ነው! ለሹማምንቱ ሊያስቀር ነው!»

«ጨው አለ! በስሙኒ ውሰዱ!» ብሎ ጮኸ አሳምነው።

«ስሙኒ?» አለ አንዱ። «ጠዋት ብር ሲል አልነበር? ምን ቀላቅሎበት ነው?»

ያን ጊዜ ፍርሃት ከእግሩ ጀምሮ ወጣበት። ጠዋት በገዛ አፉ የተከላቸው ቃላት ሁሉ አሁን በሌላ ሰው አፍ እየተመለሱ ነው፣ በእውነትም ቢጮኽ የሚያምነው የለም። በሩን ካልከፈተ ሽማግሌው ዘራቸውን ይበላሉ፣ ሰውም ይረጋገጣል። ከከፈተ ደግሞ ውሸቱን ሁሉም ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማሰብ አልደፈረም። ቁልፉን ከአንገቱ አወጣና ለጉደታ ሰጣቸው።

«ገብተው ይቁጠሩ።»

ሽማግሌው በሩን ከፍተው ገቡ። በኦሮምኛ ሲቆጥሩ እስከ ውጭ ይሰማል፦ «ቶኮ… ለማ… ሰዲ…» «ቶርባ!» አሉ መጨረሻ ላይ። «ሰባት ጆንያ!»

አንድ ጎረምሳ በዛብህን አንገቱን ያዘ። ከጉያው ሁለት ጣሳ ጨው መሬት ላይ ፈሰሰ። «ለቤተሰቤ እኮ ነው» አለ በዛብህ። የሳቀ የለም።

አሳምነው ዱላ ጠበቀ። ዱላ አልመጣም። ጉደታ ብራቸውን ሰብስበው ቋጠሩ፣ ወደ እህል ተራም ፈጥነው ሄዱ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ትርፍ የከፈሉትን ተቀበሉ። አንዳቸውም አልሰደቡትም። ዓይኑን ሳያዩ መንገዱን ተሻግረው በከዲሮ ደጅ ተሰለፉ። ስድብ ቢያወርዱበት ይሻለው ነበር።

ቅዳሜ ሌሊት በቆርቆሮው ላይ ዝናብ በመታ ቁጥር ድንጋይ እየመሰለው ተነሥቶ ተቀመጠ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሶ የሚያውቃቸውን ጀርባዎች አይቶ ተመለሰ። ሰኞ መኪናው ሞልቶ መጣ። እሱ ግን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው እህል ተራ ደርሰው ይሆን? ስንዴ የሚሸጡትስ ጩኸቱን ሰምተው ጭነታቸውን ይዘው ሄደው ቢሆንስ? ውድነሽ ምግብ አቀረበችለት፣ አልነካውም። «አገኙ ይሆን?» ይላታል በየሰዓቱ። «እኔ ምን አውቃለሁ» ትለዋለች።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ደጁ ላይ ጥላ ወደቀ። ኦቦ ጉደታ ነበሩ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። አሳምነው ብድግ አለ።

«ዘሩስ?» አለ።

«የመጨረሻውን አህያ መንገድ ላይ አስቁሜ ጭነቱን ገዛሁ። ትናንት ገባ፣ አፈር ለበሰ።» ጉደታ የጓዳውን በር አዩ። ተከፍቶ ነበር። ከጆንያው ቆንጠር አድርገው ቀመሱ። «ጣሳው ስንት ነው?»

«ስሙኒ።»

«ሌላ ዋጋ አትጠራም?»

«አልጠራም።»

አንድ ጣሳ ገዙ። ሲወጡ ወደ ኋላቸው ዞረው፣ «አሁንም አስፈርተኸኛል፣ ያ አሳምነው። እንደገና እስካምንህ ብዙ ክረምት ያልፋል» አሉት።

«ይሁን» አለ አሳምነው። ውድነሽ ከጓሮ ስትገባ ባሏን ባንኮኒው ላይ ክንዱን ተንተርሶ፣ በሩ ሁሉ ክፍት እንደሆነ፣ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኝቶ አገኘችው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።