ዜሮ የሰጠሁት ትክክለኛ መልስ

ያን ጊዜ ዲላ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የማስተምረው ስለ ሴል ነው። የማስተምርበትን ጽሑፍ ያዘጋጀው ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ሲሆን፣ እኔ የፊት ገጹን ቀይሬ በየዓመቱ አባዛዋለሁ። አንድም ቀን ከዳር እስከ ዳር መርምሬው አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱ ከየት እንደ ጀመረ እንዲታወቅ ነው።

ዜሮ የሰጠኋት ተማሪ ወርቃ ከምትባል የቡና ገጠር የመጣች ናት። ሁለተኛ ዓመት ነበረች፤ ግን ከክፍል ጓደኞቿ በሦስት በአራት ዓመት ትበልጣለች። አባቷ ሲሞት ትምህርቷን አቋርጣ ታናናሾቿን ስታሳድግ ቆይታ ነው የመጣችው። የመጀመሪያው ዓመት ከብዷት በማስጠንቀቂያ ነበር ያለፈችው። ሁልጊዜ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ስትጠይቅም ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እየመረጠች ነው።

የሴል ሽፋንን ስናነሳ ገና በመጀመሪያው ቀን አስደሰተችኝ። ሽፋኑ በአብዛኛው ከስብ መሰል ሞለኪውሎች የተሠራ መሆኑን፣ እነሱም ሁለት ሁለት ጭራ እንዳላቸው ነገርኳቸው። በሃይድሮጂን የጠገቡት የፋቲ አሲድ ጭራዎች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ያልጠገቡት ግን መሐል ላይ የመታጠፍ ጠባይ ስላላቸው እንደዚያ ሊጠጋጉ አይችሉም። ስለዚህ ብርድ ሲመጣ የጠገበ የበዛበት ሽፋን ቶሎ ይደርቃል፣ ያልጠገበ የበዛበት ደግሞ መላወሱን ይቀጥላል። ምሳሌ ስጡኝ ስል እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እህቴ ቡሌ ነው ያገባችው» አለች። «እዚህ ዲላ ከጀሪካን የሚፈሰው የፓልም ዘይት እዛ ስወስድላት ይረጋል፣ በማንኪያ ነው የምታወጣው። የኑግ ዘይት ግን እዛም ይፈሳል። ፓልሙ የጠገበው ስለሚበዛበት ነው አይደል?»

«በትክክል!» አልኩ። ዲላ ያለ ሰው ሁሉ ቡሌ እንደሚበርድ ያውቃል፤ ክፍሉ በሙሉ ገባው። የእሷን ምሳሌ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን ለረጅም ጊዜ ተናግሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ቤተ ሙከራ ገባን። ቀይ ሥር ቆራርጠን፣ እኩል እኩል አድርገን አጥበን፣ የተለያየ ሙቀት ባለው ውኃ ውስጥ ከተትን። በቀዝቃዛው ውኃ እምብዛም ቀለም አልወጣም። በጣም በሞቀው ግን ሽፋኑ ስለ ተጎዳ ውኃው እንደ ወይን ጠጅ ቀላ። ተማሪዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ሲያነሱ እሷ ጠየቀች።

«ቲቸር፣ ቀይ ሥር ውስጥ ኮሌስትሮል አለ?»

«እዚህ ግባ የሚባል የለም። እሱ የእንስሳት ነው።»

«እንስሳውስ ቢበርደው? ኮሌስትሮሉ ምን ያደርጋል?»

«ሽፋኑን ያጠነክራል፣ ፈሳሽነቱን ይቀንሳል ብለናል።»

«በብርድ ጊዜ ሽፋኑ ራሱ ይጠነክራል ብለዋል። በጠነከረ ላይ ሌላ ማጠንከሪያ ከተጨመረ ሴሉ አይጎዳም?»

ከኋላ አንድ ሁለት ተማሪዎች ሳቁ። መልሱን አላውቀውም ነበር። «አላውቅም፣ አይቼ እነግርሻለሁ» ማለት ይቻል ነበር፤ ሰዓቱን አይቼ «ዕቃዎቹን እጠቡ» አልኩ።

በመጨረሻው ፈተና ላይ አንድ የማብራሪያ ጥያቄ ነበር፦ ኮሌስትሮል በእንስሳት ሴል ሽፋን ፈሳሽነት ላይ ያለውን ውጤት አብራሩ። የያዝኩት መልስ አንድ መስመር ነው፤ ፈሳሽነቱን ይቀንሳል። የእሷ ወረቀት ግን «እንደ ሙቀቱ ይለያያል» ብሎ ይጀምራል። ሙቀቱ ከፍ ሲል የኮሌስትሮሉ ግትር አካል የጭራዎቹን መወራጨት ስለሚገታ ፈሳሽነቱ ይቀንሳል፤ ሲበርድ ግን በጭራዎቹ መሐል ገብቶ ተጠጋግተው እንዳይደረደሩ ስለሚከለክል ሽፋኑ እንዳይደርቅ ያደርጋል ብላ ጽፋለች። አጻጻፉ ደስ አለኝ እንጂ አላመንኩትም። ሁለቱንም መልስ ይዛ ለማምለጥ የሞከረች መሰለኝ። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍኩ።

ውጤት ሲለጠፍ ለማለፍ የጎደላት ሁለት ነጥብ ነበር። ጥያቄው አራት ነጥብ አለው። በማስጠንቀቂያ ላይ ስለነበረች አንድ ትምህርት መውደቅ መባረር ማለት ነው።

ቢሮዬ መጣች። የኬሚስትሪው መምህር ከጎኔ ተቀምጦ ወረቀት ያርም ነበር።

«ይህችን ጥያቄ ይዩልኝ» አለች፣ በጣቷ እያሳየች።

«አይቻታለሁ። ይለያያል ማለት መልስ አይደለም።»

«ግን እውነቱ እሱ ነው። በሙቀት ጊዜ ይይዛል፣ በብርድ ጊዜ ያላቅቃል። በስልኬ አንብቤያለሁ፣ ላሳይዎት?»

ስልኩን ዘረጋችልኝ። ያቺን ደቂቃ ነው እስከ ዛሬ የማልረሳት። ውስጤ «እይ» አለኝ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የጠየቀችኝም ትዝ አለኝ። የኬሚስትሪው መምህር እስክሪብቶውን አስቀምጦ እየሰማን ነበር።

«ፈተናው ከስልክ አልወጣም» አልኳት። «ከሰጠሁሽ ጽሑፍ ነው የወጣው። እሱን ብታነቢ ይሻልሽ ነበር።»

ስልኩን መለሰች። «እሺ ቲቸር» ብላ ወጣች። ባልደረባዬ «ደፋር ናት» አለ፤ እኔም ሳቅሁ።

ለሚቀጥለው መንፈቅ ስዘጋጅ ከአንድ ጓደኛዬ አዲስ መማሪያ መጽሐፍ ተዋስኩ። የሴል ሽፋን ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሥዕል አለ፤ በስተግራ ሙቀት፣ በስተቀኝ ብርድ፣ በሁለቱም ውስጥ ኮሌስትሮል። ከሥሩ የተጻፈው እሷ የጻፈችው ነው፤ ከቃላቱ አደራደር በቀር ልዩነት የለውም። የእኔ መልስ በሰውነታችን ሙቀት ላይ ሲታይ ስህተት አይደለም። ያታለለኝም ያ ነው፤ ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

በዚያው ቀን ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መሄድ ነበረብኝ፤ ውጤት የማስተካከያው ጊዜ ገና አልተዘጋም ነበር። አልሄድኩም። ነገ እላለሁ። ነገ ደግሞ ስብሰባ ይኖራል። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ስብሰባውን ሳይሆን «ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስታስተምር ነበር?» መባሉን ነው። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። በመጨረሻ ሬጅስትራር ሄጄ ስለ እሷ ስጠይቅ ሠራተኛዋ መዝገቡን አይታ «መሸኛዋን ወስዳ ሄዳለች። የማስተካከያ ጊዜውም ባለፈው ዓርብ ተዘግቷል» አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። ፍስሐ ገነት ከተማ ላይ መኪና ቀይሬ፣ ከገደብ ከተማ በኋላ በሞተር ወርቃ ገባሁ። የእሸት ቡና ወቅት ነበር። ሰዎችን ጠይቄ ቤታቸውን ሳገኝ እናቷ ከደጅ ተቀብለውኝ ወንበር አወጡልኝ። መምህሯ መሆኔን ስነግራቸው ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ ከበደው» አሉኝ፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ልጃቸውን በወንድ ነው የሚጠሩት። «እናንተ ደክማችኋል። እሱ ነው ያልቻለው።»

«አይደለም እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። የት እንዳለች ብቻ ጠየቅሁ።

መንደሩ ዳር ያለው ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበረች። ከሌሎች ሴቶች ጋር በረጅሙ የቡና ማድረቂያ አልጋ ዳር ቆማ የታጠበውን ቡና እየለቀመች፣ የተበላሸውን ታወጣ ነበር። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች።

«መልስሽ ልክ ነበር» አልኳት። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

የደነገጠች አትመስልም። «አውቃለሁ» አለች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ወደ ማድረቂያው ዞር ብላ አየች። ከዚያ «ቲቸር፣ ያን ቀን ቢሮዎ ውስጥ ሲያዩኝ እርስዎም የሚያውቁ መስሎኝ ነበር» አለች። «አያውቁም ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ግን ጠርጥሬያለሁ። ስልክሽን ያላየሁት ለዚያ ነው።»

«እሱ ይብሳል» አለች፣ ሳትቆጣ። «ተሳስተሻል ሲሉኝ ሰው እየሰማ ነበር። አሁን እዚህ ለብቻዬ ይነግሩኛል። ለእኔ መንገር ምን ያደርጋል? ውጤቱን የጻፉበት ቦታ ሄደው ይጻፉት።»

ወደ አልጋው ተመለሰች። ፀሐዩ ስለ በረታ ሴቶቹ ቡናውን መሸፈን ጀምረው ነበርና ሸራውን በአንድ ጫፍ ይዛ አገዘቻቸው። እኔ ትንሽ ቆሜ ሄድኩ።

ሰኞ ደብዳቤውን ጻፍኩ። «ስህተት ተገኝቷል» ብዬ መጀመር አማረኝ፤ ቀድጄ «ተሳስቻለሁ፣ ባወቅሁ ጊዜም ሦስት ሳምንት ደብቄያለሁ» ብዬ እንደገና ጀመርኩ። በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ አነበብኩት። የኬሚስትሪው መምህር መሬት መሬት ያይ ነበር። ኃላፊው «ጊዜው አልፏል፤ ግን ይህን የኮሌጁ ኮሚቴ ይየው» አለ። ኮሚቴው ብዙ አመላለሰን፤ በመጨረሻ ውጤቷ ተስተካከለ፣ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እሷ የተመለሰችው ግን በቀጣዩ ዓመት ነው። ጓደኞቿ ቀድመዋት፣ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ተቀመጠች።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ፊት ስለ ኮሌስትሮል ባለፉት ዓመታት ያስተማርኩት ግማሹ ስህተት እንደነበረ፣ ያረመችኝም ተማሪ እንደሆነች ተናገርኩ። እሷ መስኮቱ አጠገብ ሆና ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር፤ ቀና አላለችም።

በዚያ ዓመት ሌላ ትምህርት አስተማርኳት። ጥሩ ውጤት አመጣች፤ ከክፍሉ ከፍተኛዎቹ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። «ጥያቄ አለ?» እላለሁ፣ ወደ እሷ ላለማየት እየሞከርኩ። እሷ ደብተሯን ትገልጣለች። አንድ ፈተና ላይ ሆን ብዬ የሚያከራክር ጥያቄ አስገባሁ፤ ከሰጠኋቸው ጽሑፍ አልፎ ለሚያስብ ተማሪ ሌላ መልስ ያለው ነው። ወረቀቷን ለማየት ቸኩዬ ሌላውን ሁሉ ትቼ የእሷን አወጣሁ።

ጽሑፌ ላይ ያለውን ቃል በቃል ጽፋልኛለች። አንድ ፊደል አልጨመረችም። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት፤ ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ? «እሱን ብታነቢ ይሻልሽ ነበር» ያልኳት እኔው ነኝ።