ንጉሥ ያደረግኩት ደጃዝማች

እኛ ሀገር ሰው ላይ ማዕረግ ቢጨመር የሚቆጣ የለም። ጤና ጣቢያ መርፌ የምትወጋዋን ልጅ ዶክተር እላታለሁ። ኬላ ላይ የቆመውን ተራ ፖሊስ ኮማንደር ብዬው፣ ፈገግ ብሎ ያለ ፍተሻ አሳልፎኛል። አክባሪ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ፈሪም ነኝ። ዝቅ አድርጌ ከምሳሳት ከፍ አድርጌ ብሳሳት ይሻለኛል። ይኸው ጠባዬ የልጄን ሥራ ገና ሳይጀመር ሊያስቀረው ነበር።

አርብ ገበያ ከተማ ጥቂት አልጋ ያላት ማረፊያ አለችኝ። ልጄ በእንግሊዝኛ ተመርቃ መጥታ፣ ሥራ እስካገኝ እያለች አንሶላ ስታጥፍልኝ ሁለት ክረምት አለፈ። አንሶላው እሷ እንዳጠፈችው ሆኖ ተጣጥፎ አያውቅም፤ ግን እናት ልጇን ዩኒቨርሲቲ የምትልከው ለአንሶላ አይደለም። ማታ ማታ ስጸልይ ስለሷ ብቻ ነበር የማወራው። እግዚአብሔርም ሳይሰለቸው አልቀረም።

አንድ ሐሙስ ማታ አንዲት ፈረንጅ ከሾፌሯ ጋር መጥታ አደረች። ሾፌሩ መነጽር ስላደረገና መኪናው ትልቅ ስለሆነ፣ ከደጅ ጀምሬ "ኢንጂነር፣ እንኳን ደህና መጡ" አልኩት። እሱም ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ሴትዮዋ ለመንገደኞች የሚሆን የጉዞ መጽሐፍ የምታዘጋጅ ናት። በዋዜማው ከከተማው ራቅ ካለ ደብር ሄዳ፣ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ ካባ አይታ፣ ከጎኑ የተሰቀለውን ማብራሪያ በስልኳ አንስታዋለች። ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ነው።

ጠዋት ልጄን ጠርታ ፎቶውን አሳየቻት። ከገበያ እስክንመለስ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ፣ ደስ ካለኝ ከየደብሩ ያነሳኋቸው ሌሎችም አሉ፣ ሁሉንም አንቺ ትሠሪያቸዋለሽ አለቻት። ሾፌሩ ይህን ሲነግረኝ "ሌሎችም አሉ" ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማሁትም።

ልጄ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። እኔም ድንች ልላጥ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጽሑፉ ረጅም አይደለም። ካባው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በአንድ ደጃዝማች እጅ፣ በወርኃ ኅዳር፣ በዘመነ ሉቃስ ለደብሩ ተሰጠ ይላል። ዓመቱ ግን ሰባት ሺህ ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ሰባት ሺህ የሚለውን ሳይ ደብሩ ተሳስቶ በፈረንጅ ፊት ሊዋረድ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ልጄ ዓመተ ዓለም ነው አለችኝ፤ ከአዳም ጀምሮ የተቆጠረ። አምስት ሺህ አምስት መቶ ሲቀነስለት እኛ የምናውቀው ዓመተ ምሕረት ይሆናል። ከዚያ ላይ ለፈረንጆቹ ሰባት ይደመርበታል አለች።

"ስምንት ነው" አልኳት። የወንድሜ ልጅ ውጭ ሀገር ሲሄድ የልደት ዓመቱ ላይ ስምንት ሲደምሩ አይቻለሁ።

"ከጥር ወዲህ ቢሆን ስምንት ነበር፣ እማዬ። ኅዳር ላይ የፈረንጆቹ ዓመት ገና አልተለወጠም። ሰባት ነው።"

በጣቴ ቆጠርኩ። አራተኛ ክፍል ድረስ በተማርኩት ልክ ቆጠርኩ። አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት መጣልኝ፤ ድንቹን መላጥ ቀጠልኩ።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ማዕረጉ ነው። ልጄ ደጃዝማች የሚለውን እንዳለ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ፣ ጦር የሚመራና አውራጃ የሚገዛ፣ ከራስ ማዕረግ በታች ያለ ሹመት ነው የሚል ማብራሪያ ከሥር አስገባች። ያን ትልቅ ሰው ከእገሌ በታች ብሎ ለባዕድ መጻፍ ምን ይሉታል? በዚያ ላይ ሳይተረጎም የቀረ ቃል ሴትዮዋ ካየች ልጅቷ አታውቅም ትላለች ብዬ ነገርኳት። ልጄ ብተረጉመው ሌላ ሰው ይሆናል ብላ መጻፏን ቀጠለች።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። የፎቶው ብልጭታ መስታወቱ ላይ አርፎ የዓመቱን የመጨረሻ ቁጥር ሸፍኖታል። ዘመነ ሉቃስ በአራት ዓመት አንዴ ስለሚመጣ፣ ሊሆኑ የሚችሉት ቁጥሮች ከሁለት ወይም ከሦስት አይበልጡም። ልጄ ግን መገመት ስላልፈለገች ቦታውን ክፍት ተወችው። ለዕቃ ቤቱ ጠባቂ ለመሪጌታ ልትደውል፣ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣች።

ሴትዮዋና ሾፌሩ የተመለሱት ይኼኔ ነው። ሴትዮዋ ወረቀቱን አንስታ አነበበች፤ ደጃዝማች የሚለው ላይ ጣቷን አድርጋ ይህ ሰው ማን ነበር ብላ በሾፌሩ በኩል ጠየቀችኝ። ልጄን የማገዝበት ሰዓት የመጣ መሰለኝ።

"ንጉሥ ነው ይበሏት፣ ኢንጂነር።"

"ደጃዝማች ይላል እኮ፣ እትዬ።"

"የእኛ ንጉሥ ነው ይበሏት።"

ሾፌሩም እንዳልኩት ነገራት። ሴትዮዋ ፊቷ ጠቆር አለ። እስክሪብቶ አውጥታ ደጃዝማች አጠገብ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ቀጥላ ዓመተ ምሕረቱ አጠገብም አደረገች። ማዕረጉን የሳተች ልጅ ዘመኑንስ ለምን አትስትም ብላ መሆኑ ገባኝ። እጄ ላይ የነበረው ድንች ከነልጣጩ ድስት ውስጥ ገባ።

ልጄ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ተመለሰች። ሴትዮዋ ጠየቀቻት። ልጄ ወረቀቱን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። እኔ ድስቱን አየሁ።

"እማዬ፣ ንጉሥ አልሻት?"

"ለክብሩ ነው።"

"ደጃዝማች ሆኖ ንጉሥ ነኝ ካለማ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ሸፍቷል ማለት ነው። ካባ የሰጠውን ሰውዬ ሽፍታ አደረግሽው እኮ።"

ሾፌሩ ለሴትዮዋ ሲተረጉምላት ለመሳቅ ቆም አለ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ከእኔና ከልጄ የትኛችንን እንደምታምን እየመረመረች ነበር። ልጄም ይህን አይታ በእንግሊዝኛ ረጋ ብላ የሆነ ነገር ነገረቻትና በእጇ ወደ ሾፌሩ ጠቆመች። ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞራ ጠየቀችው። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ።

"ምን አለቻት?" አልኩት።

"እናቴ ለሁሉም ሰው ማዕረግ ትጨምራለች፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሾፌርሽን ኢንጂነር እያለችው ነው አለቻት።"

"አይደሉም እንዴ?"

"መንጃ ፈቃድ ነው ያለኝ፣ እትዬ። ደስ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት።"

ሴትዮዋ ያን ጊዜ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የመጀመሪያውን የጥያቄ ምልክት ሰረዘችው። ሁለተኛውን ግን ልጄ በሥራዋ ነው ያሰረዘችው። መሪጌታ ጽሑፉ ሥር ቆመው ቁጥሩን አንብበውላታል። ዓመተ ዓለሙን ለአራት አካፍላ ሦስት ተረፈ፤ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ ነው። ከጽሑፉ ጋር ገጠመ። ሴትዮዋ ሒሳቡን ራሷ ደግማ ሠራችውና ስልኳን ከፍታ ሌሎቹን ፎቶዎች ወደ ልጄ ስልክ ማሳለፍ ጀመረች። ማሳለፉ ብዙ ቆየ፤ ያን ያህል ብዙ ነበሩ።

አሁን አንሶላውን የማጥፈው እኔ ነኝ። ልጄ ስትሠራ አጠገቧ እንድቀመጥ ተፈቅዶልኛል፤ ስለ ሹመት ግን አላወራም። ወሩ ምንድን ነው ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ።

የዚያን ቀን ሲሄዱ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ "ደህና ይዋሉ፣ እቴጌ" አለኝ።

አልተቆጣሁም።