ከኤርጎ በፊት ቆዳ የገዛው ሰው

ኤርጎ የጎረቤታችን ልጅ ነበር። አባቱ ከጂንካ በላይ ባለው ዳገት እንሰትና ገብስ የሚያለሙ የአሪ ገበሬ ናቸው፤ የእነሱንና የእኛን ማሳ የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ኤርጎ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰ፤ ፈተናው ግን ወደ ኮሌጅ የሚያስገባ ውጤት አላመጣለትም። ያ ዘመን ሥራ የሌለው ጎረምሳ ቀበሌ ሲያየው የሚሸማቀቅበት ዘመን ነበርና፣ እናቱ ልጄን ለዘመቻ ይወስዱብኛል እያሉ ደጅ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጡ ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው የጂንካው ቆዳ ነጋዴ አቶ ኸይሩ ያስጠሩት። ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ ተቀምጦ፣ በሐሙስ ገበያ ቆዳ እየገዛ ወደ ጂንካ መጋዘናቸው እንዲልክ ፈለጉ። ደሞዙ በወር መቶ ሃምሳ ብር። ይህ በመሥሪያ ቤት ለሚቀጠር ጀማሪ ጸሐፊ ከሚከፈለው ይበልጥ ነበር። መልሱን እስከ ቅዳሜ ብለው ቀን ሰጡት። አባቱ ወሬውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ አዳረሱት፤ ኤርጎም የሚከራየውን ቤት በሐሳቡ መርጦ ጨረሰ።

ታላቅ እህቱ አረጋሽ አርባ ምንጭ ጤና ረዳት ነበረች። ወሬው በሹፌሮች አፍ ደርሷት ኖሮ፣ ማክሰኞ ዕለት መኮንን የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ደብዳቤዋን አመጣ። እንዲህ ይላል፦

«ኤርጎ፣ ጤናህን በኋላ እጠይቅሃለሁ። መቶ ሃምሳ ብር አሉህ አሉ። ደስ አይበልህ ማለቴ አይደለም፤ ቀስ በል ነው የምልህ። ደሞዝ በአፍ ሲጠራ ሌላ ነው፣ እጅ ሲገባ ሌላ። እኔ ስቀጠር የተነገረኝን ብር አንድ ቀን እንኳ ሙሉውን ይዤው አላውቅም፤ ግብሩ፣ ጡረታው፣ መዋጮው ይነሳል። ቢሆንም ጡረታው ሳረጅ ይጠብቀኛል። የአንተን ሽምግልና የሚያስብ አለ? ቀይ አፈር ቤት ትከራያለህ፤ እህሉንም ከእናታችን ጎታ አትቀዳም። ይህን ሁሉ ቀንሰህ የቀረው ነው ደሞዝህ። ብትታመም ይከፍሉሃል? ዝናብ መንገዱን ቆርጦ ገበያ ቢቀርስ? ዕቃ ሲበላሽ በማን ይታሰባል? ይህን ጠይቅ፣ አትፈር። ደግሞ ከዓመት በኋላ ዛሬ የማታውቀውን ምን ታውቃለህ? ሰው ከሥራ ቢወጣም የለመደውን ሙያ ማንም አይቀማውም፤ ሙያ የማይሰጥ ሥራ ብሩ ቢበዛም ጥቂት ነው። ከሁሉ በፊት ግን፣ ካንተ በፊት እዚያ የሠራውን ሰው ፈልግ። መልካም ሥራ ከሆነ ምን አስለቀቀው? ሰውየውን ሳታይ እሺ እንዳትል።»

ኤርጎ ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ። እንደ ወጉ እንደምን ከረማችሁ የሌለበት ደብዳቤ ምን ዓይነት ነው ብሎ ጀመረና፣ ቀጥሎ «ከእኔ የበለጠ እንዳይበላ» ብላ ነው የጻፈችው አለኝ። ወይም አባታችን እርሻው ላይ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ተንኮል ሠርታለች ሲል ጨመረ። ይሁን እንጂ ያ የመጨረሻው ጥያቄ እንደ እሾህ ውስጡ ቀረ። በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ ሄዶ፣ ከእኔ በፊት ማን ነበር ብሎ አቶ ኸይሩን ጠየቀ። እሳቸው ሳቅ አሉና፣ ሰነፍ ነበር፣ የሄደ ሰው ምን ያደርግልሃል ብለው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። ስሙን አልነገሩትም። ያን ቀን ኤርጎ እህቱን መጠርጠሩን ሳይተው አቶ ኸይሩንም መጠርጠር ጀመረ።

ሐሙስ በመኮንን መኪና ጭነት ላይ ወጥቶ ቀይ አፈር ወረደ። የኸይሩ ቆዳ ገዢ የነበረውን ብሎ ገበያተኛውን ጠይቆ ሰውየውን ያገኘው ሳይቸገር ነው፤ ዶላሞ ይባላል፣ የማሽላ ጆንያ መኪና ላይ እየጫነ ነበር። የኸይሩን ስም ሲሰማ ጆንያውን አወረደና ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ቀሪ ዕዳ ሊጠይቀው የተላከ መስሎታል። ኤርጎ ሥራው ለእኔ ተሰጥቶ ነው እስኪለው ድረስ ዶላሞ ዓይኑን ከኤርጎ እጅ ላይ አልነቀለም። ከዚያ ወደ ቆዳ ተራ ወሰደውና፣ መሬት ላይ ከተዘረጉት የበሬ ቆዳዎች የሚሻለውን ምረጥ አለው።

ኤርጎ ከብት መሐል ያደገ ልጅ ነው፤ ብዙ አላመነታም። ከጎኑ እስከ ታፋው ድረስ በእሳት ተተኩሶ፣ እንደ ጥልፍ በሚጠማዘዝ መስመር ያጌጠውን አንሥቶ ያዘ።

«ይሄ ነው» አለ። «ባለቤቱ የሚወደው በሬ ነበር።»

«አዎ፣ ይወደው ነበር» አለ ዶላሞ። «ስም አውጥቶለት፣ ዘፍኖለት ይሆናል። እኔም እንዳንተ እሱን ነበር የማነሣው። አሁን ያንተም ኪስ እንደኔው ባዶ ሆነ።»

ነገሩን ያስረዳው ወደ መኪናው ተመልሶ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ነው። በአካባቢው ያለ የበና ወይም የሐመር አርብቶ አደር ለወደደው በሬ እንዲህ ዓይነት ጌጥ ይተኩስለታል፤ በአገሩ ዓይን ያ ውበት ነው። ቆዳ ፋብሪካ ዘንድ ግን እሳት የነካው ቦታ ጠባሳ ነው፣ ደረጃውን ይጥለዋል። የቢላ ጭረትና የመዥገር ጠባሳም እንዲሁ። ቀይ አፈር ላይ ቆዳ የሚገዛው በቁጥር ነው፤ ጂንካ ሲደርስ በደረጃ ይለያል። ከደረጃ የወደቀው ሁሉ ከገዢው ደሞዝ ይቆረጣል። ደረጃው ሲወጣ ደግሞ ገዢው ቀይ አፈር ነው፣ አያይም።

ኤርጎ ይህንንም ጠረጠረ።

«ሥራውን መልሰህ ፈልገኸው ይሆናል» አለው።

«ልፈልገውም እችላለሁ» አለ ዶላሞ ሳይቆጣ። «እኔን አትመን። ሄደህ ደረጃ አውጪው አጠገብ ቁምና የገዛ ዓይንህን እመን።»

ቅዳሜ ማለዳ ኤርጎ መጋዘኑ ገባ። ደረጃ አውጪው ገብረወልድ የሚባሉ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ቆዳውን ይዘረጋሉ፣ በሥጋው በኩል ይገለብጡታል፣ በመዳፋቸው ይዳብሱታል፣ ይወረውሩታል። ጌጠኞቹ አንድ በአንድ ከደረጃ የወደቀው ወደሚጣልበት ጥግ ሲበሩ ኤርጎ አየ። ከዚያ ወደ አቶ ኸይሩ ሄዶ፣ ቀይ አፈር አልሄድም፣ ደረጃ ማውጣት እስክለምድ በጨው ማሸትና በመወጠር ሥራ ከእኚህ ሰው አጠገብ አስገቡኝ፣ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለው ይበቃኛል አላቸው።

አቶ ኸይሩ ሚዛኑን ለቀቁት።

«ማነው የላከህ?» አሉ። «መቶ ሃምሳ ረግጦ የቀን ሥራ የሚለምን ሰው አይቼ አላውቅም። የትኛው ነጋዴ ነው?»

«እህቴ ናት።»

«እህትህ ቆዳ ትነግዳለች?»

«ጤና ረዳት ናት፣ ጋሽ ኸይሩ።»

አላመኑትም። ሙያዬን ለምደህ ለባላንጣዬ ልትሸጠው ነው አሉ። ኤርጎ ግን ከዶላሞ የቆረጡት ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው፣ ሰው እየሰማ። ገብረወልድ እጃቸውን ቆዳው ላይ አድርገው መልሱን ጠበቁ።

«ፋብሪካው ከእኔ ይቆርጣል» አሉ አቶ ኸይሩ፣ ድምፃቸው ወረድ ብሎ። «እኔስ ከማን ልቁረጥ?»

«ከማያውቅ ሰው አይቁረጡ። መጀመሪያ ያሳውቁኝ፤ አውቄ ካጠፋሁ ያኔ ይቁረጡ።»

አቶ ኸይሩ በመጨረሻ ግባ አሉት፤ ግን የምትሠራው እዚህ እኔ በማይህ በር አጠገብ ነው አሉ። አባቱ መቶ ሃምሳውን የገፋ ልጅ ብለው እስከ መኸር ድረስ አኩርፈውት ከረሙ።

ኤርጎ ደረጃ ማውጣት እስኪለምድ በዚያ በር ሥር ጨው ሲያሽ ኖረ። በኋላ ቀይ አፈር ሲላክ፣ እኔ አጠገቡ ሳልቆም የገዛሁት ቆዳ ደረጃ አይወጣለትም የሚል ቃል አቶ ኸይሩን በገብረወልድ ፊት አስገብቶ ነው የሄደው። አቶ ኸይሩ ቃላቸውን ጠበቁ። እሱ ግን መኪናው ጂንካ በገባ ቁጥር ከጭነቱ ላይ ቀድሞ ይወርድና፣ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት፣ አስቀድሞ በላከው ቆዳ ላይ ያሰረው ገመድ እንዳልተፈታ ያይ ነበር።